የፖርቱጋልኛው የኀዘን ደብዳቤ

ከመካነ ሰላም የመጣ ጓደኛችን፣ ፖርቱጋልኛ ላስተማሩት ሞዛምቢካዊት እመቤት የጻፈውን የኀዘን ደብዳቤ እንድናርምለት ሰጠን። አባታቸው ዐርፈውባቸዋል።

የመጀመሪያው መስመር እንደ ፊደሉ ሲነበብ «ኦ ሜው ሴንቲዶ ፔዛሜ» ይላል። ፖርቱጋሎች ግን ለኀዘንተኛ ይህን ቃል የሚጽፉት በብዙ ቁጥር ነው፤ ስሙ ሲበዛም አጃቢዎቹ ሁሉ አብረውት ይበዛሉ። ስለዚህ «ኦስ ሜውስ ሴንቲዶስ ፔዛሜስ» አልነው።

ቀጥሎ «ፔላ ሞርቴ» ብሏል፤ «ስለ ሞቱ» እንደ ማለት ነው። ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን እኛም ብንሆን ለትልቅ ሰው «ዐረፉ» እንጂ «ሞቱ» አንልም። «ፋሌሲሜንቶ» ማለት ይሻላል። እዚህ ላይ ብዙ አራሚ ይሳሳታል፤ «ሞርቴ» በሴት፣ «ፋሌሲሜንቶ» በወንድ ጾታ ይነገራሉና፣ ስሙን የለወጠ ሰው «ፔላ»ንም «ፔሎ» ማድረግ አለበት።

ጭንቁ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ላይ ነበር። ጓደኛችን ቃል በቃል ቢያዞረው «ዱራ» የሚል ቃል መጣ፤ ይህ እንደ ድንጋይ ለደረቀና ለጨከነም ይነገራል! በቦታው «ኬ ዴውስ ልዬ ዴ ፎርሳ»ን፣ ማለትም «እግዚአብሔር ብርታት ይስጥዎ»ን አገባን። «ልዬ» የአክብሮት ነው፤ «ቴ» ቢባል «አንቺ» ማለት ይሆን ነበር።

ከዚህ በላይ የተለመደ ቃል አልጨመርንም፤ ሲበዛ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ይመስላል። በመጨረሻው ላይ «በአገሬ ለቅሶ ቤት ሄደን ከኀዘንተኛው ጋር እንቀመጣለን፤ ከእርስዎ ጋር ለመቀመጥ መንገዱ ራቀብኝ» የሚል አለ። ፖርቱጋልኛው ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው። እሱን አልነካነውም።