ይሄማ የቀብር ነው

የመጀመሪያውን ረቂቅ ያነበብኩላት ነርስ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና "ይሄማ የቀብር ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። "በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ" ብዬ ጀምሬ፣ ትምህርታቸውን፣ የተቀጠሩበትን ዓመትና የልጆቻቸውን ብዛት ደርድሬ፣ "ሥራ ወዳድና ሰው አክባሪ ነበሩ" ብዬ ዘግቼዋለሁ። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በየለቅሶው ቆመን የሰማነው የሕይወት ታሪክ ማለት ነው። "ነበሩ" የምትለዋን ቃል ቆጠርኳት፤ ዘጠኝ ቦታ ላይ አለች። ሴትዮዋ ግን በዚያው ሰዓት ከእኛ ሃምሳ ሜትር በማይሞላ ርቀት ካርድ ክፍል ቁጭ ብለው ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

አዶት ነው የምንላቸው፤ በጉራጊኛ እናት ማለት ነው። አታት ሆስፒታል የገቡት በ1981 ዓ.ም. ሲሆን ዘንድሮ 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ወጡ። እኔ ሶፍትዌር ገንቢ ነኝ። እዚያ የሄድኩት የካርድ ክፍሉን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ስለነበር አንድ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። "ኮምፒውተር የሚችለው እሱ ነው" ተባለና የሽኝቱ ቪዲዮም፣ በቪዲዮው ላይ የሚሰማው ንግግርም እኔው ላይ ወደቀ።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ፎቶ ሰብስብ፣ ደርድር፣ ድምፅ ጫንበት። ሠራተኞቹ በቴሌግራምና በዋትሳፕ 212 ፎቶ ላኩልኝ። በፋይሉ ስም ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። `IMG-20190512-WA0007.jpg` የሚለውን አይቼ በ2019 እ.ኤ.አ. የተነሳ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። አንድ የቆየ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ግን አይቶ ሳቀብኝ፤ ከኋላ የሚታየው የእንጨት መደርደሪያ በብረት ከተቀየረ ቆይቷል። ለካ በፋይሉ ስም ላይ ያለው ቀን ፎቶው በዋትሳፕ የተላከበት እንጂ የተነሳበት አይደለም። ከዚያ በኋላ ዘመኑን የማውቀው መደርደሪያውን፣ የግድግዳውን ቀለምና የዩኒፎርሙን ዓይነት እያየሁ ሆነ።

ዋናው ችግር ግን ቅደም ተከተሉ አልነበረም። ከ212 ፎቶ አዶት ያሉበት 19 ብቻ ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ፎቶ ውስጥ አይገባም። እንግዳ ሲመጣ የሚነሱት ሐኪሞቹ ናቸው፤ በበዓል ቀን ሁሉም ሜዳው ላይ ሲሰለፍ መስኮቱን ትቶ መውጣት የማይችለው እሱ ነው። ከቀሩት ፎቶዎች ውስጥ ደግሞ የታካሚ ፊት ወይም ካርድ ላይ የተጻፈ ስም የሚታይባቸውን 31 አወጣሁ። አንዲት እናት ታማ በመጣችበት ቀን ያላወቀችው ካሜራ ውስጥ ገብታ፣ ከዓመታት በኋላ በሰው ሽኝት ላይ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሊያያት አይገባም።

ስለዚህ ፎቶው ስለ አዶት ሥራ የሚለው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ንግግሩ መናገር ያለበት እሱን ነው። እኔ ግን ረቂቁ ላይ ፎቶው የሚያሳየውን ነበር ደግሜ የምናገረው። "እዚህ ላይ አዶት ከባልደረቦቻቸው ጋር መስቀልን ሲያከብሩ" ብዬ ጽፌያለሁ። መስቀል መሆኑን ደመራው ይናገራል፤ ባልደረቦቻቸውን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃቸዋል። ነርሷ "እኛ የማናየውን ንገረን እንጂ" ስትለኝ የዚያን ቀን ነገር ጠየቅኳት። ዓረፍተ ነገሩ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ "ያን ቀን ጎመን ክትፎውን ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ የካርድ ክፍሉ ቁልፍ ግን ኪስዎ ውስጥ ነው።" በበዓል ቀንም ምጥ የያዛት ሴት ልትመጣ ትችላለቻ።

"እርስዎ" የሚለውንም ያኔ ነው ያመጣሁት። "እሳቸው" እያልኩ ሳነብ ስለሌለ ሰው የማወራ ይመስላል። "እርስዎ" ስል ግን ሰውየዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ከ"ነበሩ" ወደ "ነዎት" ማለፍ ንግግሩን ከቀብር አወጣው። የትውልድ ዘመናቸውንም ሰረዝኩት፤ የጀመርኩት ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው።

ቀጥሎ ርዝመቱ መጣ። መርሐ ግብሩ የሰጠኝ 6 ደቂቃ ነው፤ ማለትም 360 ሰከንድ። 40 ፎቶ እያንዳንዱ 5 ሰከንድ ቢቆይ 200 ሰከንድ ይወስዳል። አምስት አጫጭር ቪዲዮዎች በአማካይ 24 ሰከንድ ቢሆኑ 120፤ መክፈቻና መዝጊያው 40። ቪዲዮዎቹ የራሳቸው ድምፅ ስላላቸው እነሱ ላይ አልናገርም። ስለዚህ ለእኔ ንግግር የሚቀረው 240 ሰከንድ፣ አራት ደቂቃ ነው። ሰዓት ይዤ ስሞክረው ረጋ ብዬ በደቂቃ 95 ቃል ያህል አነባለሁ፤ ለአራት ደቂቃ 380 ቃል። ከዚያ ሢሶው ለዝምታ ቢቀር 250 ገደማ። እኔ የጻፍኩት ግን፦

```
$ wc -w nigigir.txt
612 nigigir.txt
```

ከእጥፍ በላይ ነው። መቁረጥ ስጀምር መጀመሪያ የወደቁት ለማንም ሰው ሊባሉ የሚችሉት ናቸው፦ ታታሪ፣ ቅን፣ ትሁት። እነዚህ ሲወጡ ማንም አልጎደለም። ያልቆረጥኩት አንድ ቁጥር ያለበትን አንቀጽ ነው።

አታት ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ፣ ለወሊድ ያሰጋቸዋል የተባሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ በግቢው የሚቆዩበት ማረፊያ አለው። ስለዚህ ማረፊያ በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት ታትሟል። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በሆስፒታሉ የወለዱ 24,148 እናቶችን ያነጻጽራል። ከእነሱ 6,805ቱ በማረፊያው ቆይተው የወለዱ ናቸው። ማረፊያው ከቆዩት ዘንድ ሕፃኑ ሞቶ የተወለደው ከ1,000 ወደ 18 ሲሆን በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 191 ነው። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የሚደርሱ በመሆናቸው ልዩነቱ ሁሉ የማረፊያው ነው ማለት አይቻልም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ማን ከማረፊያው እንደመጣ፣ ማን በቀጥታ እንደመጣ ከሃያ ዓመት በኋላ መለየት የተቻለው በየዕለቱ በትክክል የሚጽፍ ሰው ስለነበረ ነው። ንግግሩ ውስጥ ጥናቱን አልተነተንኩም። "ከዚህ ሆስፒታል 24,148 ወሊድ ተቆጥሮ ዓለም አንብቦታል፤ ቁጥሩ ውስጥ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ አለ" ብቻ አልኩ።

የቀረውን ሥራ ለእሳቸው ድምፅ ተውኩት። የኮምፒውተሩን መዝገብ ስሠራ ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ ለመማር ብዬ በስልኬ የቀረጽኩት የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ነበረኝ። ካርዷን የጣለች ሴት መጥታለች። የእኔ ፕሮግራም በ"ሐ" የተጻፈውን ስም በ"ሀ" ሲፈልጉት የለም ይል ነበር። አዶት ስሙን ትተው ይጠይቃሉ፦ "ስንተኛ ልጅሽ ነው? ባለፈው ስትመጪ መስቀል አልፎ ነበር ወይስ ገና ነው?" ከዚያ ተነስተው ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ። የሴትየዋ ፊት አይታይም፤ ስሟ የሚሰማበትን ቆርጬዋለሁ። የአዶት ጀርባና ድምፅ ብቻ ነው የቀረው። በዚህ ላይ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

አንድ ከባድ ነገር ቀረ። ከፎቶዎቹ ባንዱ አዶት ከሦስት ዓመት በፊት ካረፉት የበር ጥበቃ ጋር ቆመው ይስቃሉ። ሃያ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም የተባባሉ ሰዎች ናቸው። ቢወጣ "ረሱት" ይባላል፤ ቢገባ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሊሆን ነው። ልጃቸውን አስፈቀድኳት። "አሳየው፤ ግን ዝም በልበት" አለችኝ። ከሳቅ ቀጥሎ ካመጣሁት ጭብጨባው በሟች ላይ ይወድቃል፤ መጨረሻ ላይ ካደረግኩት ሁሉም እያለቀሰ ይወጣል። ስለዚህ መሐል ላይ፣ ከካርድ ፍለጋው ቪዲዮ በኋላ፣ ሰው ጸጥ ባለበት አስገባሁትና 8 ሰከንድ ያለ ድምፅ ተውኩት።

የሽኝቱ ቀን ቡና ተፈልቶ፣ ድፎ ዳቦው ተቆርሶ ቪዲዮው ተከፈተ። የተሳሳትኩት ሰባተኛው ፎቶ ላይ ነው፤ አዶት በወጣትነታቸው። እልልታው ሳይቆም ሁለት ዓረፍተ ነገሮቼ አለፉ። ቤት ውስጥ ለሦስት ሰው ሳሳየው ሳቁ ሁለት ሰከንድ ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ግን ለአሥር ሰከንድ ያህል ይጮሃል። በአካል የቆመ ተናጋሪ ቢሆን ይጠብቃል፤ የተቀዳ ድምፅ አይጠብቅም። ዛሬ ብሠራው እንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ላይ ምንም አልናገርም፣ አለዚያም ማይክ ይዤ ቆሜ አነባለሁ።

የጥበቃው ፎቶ ሲመጣ አንድ ሰው ብቻ ቀስ ብሎ "ነፍስ ይማር" አለ። አዶት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ፤ ቀጣዩ ፎቶ ሲመጣ መልሰው ገለጡት።

መጨረሻ ላይ እጄን ይዘው የጠየቁኝ ስለ ንግግሩ አልነበረም። "ያቺ ካርድ የጣለችው፣ አሁን ኮምፒውተሩ ያገኛታል?" አሉኝ። "ሀ"ውንና "ሐ"ውን አንድ እንዳደረግኩት ነገርኳቸው። "መስቀሉንስ?" አሉ።

መስቀሉን የምጽፍበት ቦታ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ሰኞ ዕለት ካርድ ክፍሉን ለተረከበችው ልጅ ስልካቸውን ሰጠኋት።