ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ገንዘቡ ባይመጣ ግን ማን ላይ ይቀራል?

ኢስሊ ውስጥ ቤት ለብቻ መከራየት እንደኛ ላለ ነጋዴ አያዋጣም። የወሩን ግማሽ መንገድ ላይ ነን። ስለዚህ በደባልነት እንኖራለን። እኛ ቤት አራት ሴቶች ነን፦ ቤቱን በስማቸው የተከራዩት የሞያሌዋ እትዬ፣ ወደ ጁባ ልብስ የምታመላልሰው፣ ከሐዋሳ የመጣችው ልጅና እኔ። የቤቱን ወጪ የምንይዘው ስፕሊትዋይዝ በሚባል የስልክ መተግበሪያ ነው። ትሪካውንት የሚባለውን የምትጠቀሙም አላችሁ፤ መሠረቱ አንድ ነው። ያወጣ ሰው ያወጣውን ይመዘግባል፣ መተግበሪያው ማን ለማን ስንት እንዳለበት ያሰላል። እዚህ ናይሮቢ ገንዘቡን ራሱን አያንቀሳቅስም፤ ክፍያው በኤምፔሳ ወይም በእጅ ነው።

ብዙ ሰው «ስልኩ ያካፍለናል» ብሎ ይጀምራል። ስልኩ ግን የሚያካፍለው እናንተ በነገራችሁት መንገድ ነው። አንድ ወር ሙሉ ሂሳባችንን ላሳያችሁ፤ ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል።

በዚያ ወር ኪራዩ 36,000 ሽልንግ ነበር፤ እትዬ ከፈሉ። ኢንተርኔቱን 4,000 የጁባዋ ከፈለች። አስቤዛውን፣ የማብሰያ ጋዙንና የመብራት ቶክኑን እኔ ገዛሁ፤ ሲደመር 27,000 መጣ። የሐዋሳዋ ልጅ በዚያ ወር ምንም አላወጣችም። ጠቅላላው 67,000 ነው። ዝም ብሎ ለአራት ቢካፈል ለእያንዳንዳችን 16,750 ይደርሳል።

ነገር ግን እትዬ በዚያ ወር ቤት ያደሩት 12 ቀን ብቻ ነው። የጁባዋ 18 ቀን ነበረች። እኔና የሐዋሳዋ ልጅ 30ውንም ቀን ነበርን። ኪራይና ኢንተርኔት ሰው ኖረም አልኖረም ይከፈላል፤ አልጋዋ ተይዞላታል፣ ዕቃዋ ተቀምጦላታል። ስለዚህ እሱ እኩል ነው፣ ለእያንዳንዳችን 10,000። ምግቡ፣ ጋዙና መብራቱ ግን የሚያልቀው ባለው ሰው ልክ ነው። ትምህርት ቤት ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ ሲባል የተማርነው ይኸው ነው።

በመተግበሪያው ላይ ይህን ለማድረግ ወጪውን ስትመዘግቡ እኩል የሚለውን ትታችሁ በድርሻ የሚለውን ትመርጣላችሁ። በየሰዉ ስም ፊት ያደረችበትን ቀን ታስገባላችሁ፦ 30፣ 30፣ 18፣ 12። ድምሩ 90 ነው፤ 27,000 ለ90 ሲካፈል በቀን 300 ሽልንግ ይሆናል። እኔ 9,000፣ የሐዋሳዋ 9,000፣ የጁባዋ 5,400፣ እትዬ 3,600። እኩል አካፍለን ቢሆን ኖሮ እትዬ በዚያ ወር ብቻ 3,150 ሽልንግ ያልበሉትን ይከፍሉ ነበር። እንደዚህ ዓይነት ነገር በመጀመሪያው ወር ማንም አይናገረውም። በአራተኛው ወር ነው «ይቅርብኝ፣ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ» የሚባለው።

ሥጋን ለብቻ ነው የምንመዘግበው። እትዬ ሙስሊም ናቸው፣ የሚበሉትን ሥጋ ራሳቸው ይገዛሉ። እኛም በጾም ወቅት የሚጾም አለ፣ የማይጾም አለ። የሥጋው ወጪ ሲገባ ያልበላችውን ሰው ስም ምልክቱን ማንሳት ነው፤ በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያ ወር መጨረሻ ሂሳቡ እንዲህ ነበር። እትዬ 22,400 ይመለስላቸዋል። ለእኔ 8,000 ይመለስልኛል። የጁባዋ 11,400 አለባት፣ የሐዋሳዋ ልጅ 19,000 አለባት። የሚመለሰውም የሚከፈለውም 30,400 ነው፤ ይገጥማል።

ይህ ዕዳ ግን በሁለት መንገድ ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዷ ወጪዋን ለሸፈነላት ሰው ስትከፍል ነው። የሐዋሳዋ ለእትዬ 9,000፣ ለእኔ 9,000፣ ለጁባዋ 1,000። የጁባዋ ለእትዬ 8,000፣ ለእኔ 4,400። እኔ ደግሞ ለእትዬ 5,400። ስድስት ጊዜ መላክ ነው፤ ኤምፔሳ ደግሞ በላኩ ቁጥር ያስከፍላል። ሁለተኛው፣ በቡድኑ ማስተካከያ ውስጥ «Simplify debts» የሚለው ሲበራ የሚሆነው ነው። ያኔ መተግበሪያው ዕዳውን አጣጥፎ ሦስት ክፍያ ብቻ ያደርገዋል፦ የሐዋሳዋ 19,000ውን በሙሉ ለእትዬ፣ የጁባዋ 3,400 ለእትዬና 8,000 ለእኔ። እኔ ለማንም ምንም አልልክም።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ሁሉም ቢከፍል ሁላችንም ዘንድ የሚቀረው ገንዘብ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው አንድ ሰው ሳይከፍል ሲቀር ነው።

በዚያ ወር የሐዋሳዋ ልጅ ዕቃ ድንበር ላይ ተያዘባት። ገንዘቧ እዚያው ውስጥ ነበር። አልደበቀችንም፤ ማታ ቡና ላይ ተቀምጣ «እህቶቼ፣ በዚህ ወር ከእኔ ምንም አትጠብቁ፣ እስኪለቀቅልኝ ታገሡኝ» አለች። ሁላችንም «አይዞሽ» አልናት። ከዚያ እትዬ ስልካቸውን አውጥተው አዩ። «ልጆቼ፣ እኔ ለእሷ ኪራይ ነው የከፈልኩላት፣ ድርሻዋ ዘጠኝ ሺህ ነው። ይኸ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ከየት መጣ?» አሉን።

ጥያቄያቸው በሂሳብ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። ልጅቷ የበላችው እኔ የገዛሁትን ነው፤ ከእሷ 9,000 ተሰብሳቢ ሂሳብ ያለኝ እኔ ነበርኩ። መተግበሪያው ዕዳውን ሲያጣጥፍ ያንን ተሰብሳቢ ከእኔ አንሥቶ ለእትዬ ሰጣቸው፣ ለእኔ ደግሞ የጁባዋን አስተማማኝ ገንዘብ ሰጠኝ። በዚያ መንገድ ብንከፍል ኖሮ እኔ 8,000ዬን እስከ መጨረሻዋ ሽልንግ እወስዳለሁ። ኪራይ የከፈሉልን እትዬ ግን ከ22,400 ውስጥ የሚያገኙት 3,400 ብቻ ነው። አከራያችን ደግሞ ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን ነው የሚጠብቀው፤ የሚደውለውም ለእሳቸው ነው።

በንግድ ላይ ማንም ሰው የእናንተን ተበዳሪ ሳይጠይቃችሁ ወደ ሌላ ቢያዞርባችሁ ትቀበላላችሁ? አትቀበሉም። ዕዳ ሲዛወር አበዳሪው መስማማት አለበት። ስልኩ ግን ሁሉንም ሰው እኩል ከፋይ አድርጎ ነው የሚያየው። ማን ዕቃው እንደተያዘበት፣ ማን ደመወዝተኛ እንደሆነ አያውቅም።

ያን ማታ ማንም ገና ምንም አልላከም ነበርና ቁልፉን አጠፋነው። ዕዳው ወዲያው ወደ መጀመሪያው መልኩ ተመለሰ። እኔ ለእትዬ 5,400 ላክሁ፣ የጁባዋ ለእትዬ 8,000 ለእኔ 4,400 ላከች። እትዬ በአምስተኛው ቀን 13,400 በእጃቸው ነበር። ከልጅቷ የሚጠብቁት 9,000 ሆነ፣ እኔም 9,000 ጠበቅሁ፣ የጁባዋ 1,000። ሸክሙ እያንዳንዳችን ልጅቷን ባገዝንበት ልክ ተከፋፈለ። ኤምፔሳው ጥቂት ሽልንግ ጨምሮ በላን፤ ለዚህ ግን ርካሽ ነው። ዕቃዋ ከሰባት ሳምንት በኋላ ተለቀቀ፣ ለሦስታችንም ከፈለች።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይኼ ነው። ወሩ ሲያልቅ ቁልፉ ጠፍቶ ነው ሂሳቡን የምናየው። «በዚህ ወር የሚቸገር አለ?» ብለን እንጠያየቃለን። ከሌለ እናበራዋለን፣ በሦስት ክፍያ እንጨርሳለን። ካለ ጠፍቶ ይቆያል። ሁላችሁም ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ምናልባት ሁልጊዜ ብታበሩትም አይጎዳችሁም። ገቢያችሁ እንደኛ ድንበር ላይ የሚውል ከሆነ ግን አስቡበት።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ሁለቱም ገንዘብ ያስከፍላሉ።

አንደኛው የብሩ ጉዳይ ነው። መተግበሪያው ወጪን በፈለጋችሁት ገንዘብ ይመዘግባል፣ በብርም በሽልንግም። አንዳንድ ሰው «አዲስ አበባ ስገባ በብር እሰጥሻለሁ» ብላ ድርሻዋን በብር ታስመዘግባለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተመዘገበ ዕዳ ስልኩ ላይ ቁጥሩ አልተነካም፤ የሚገዛው ሽልንግ ግን ወደ ግማሽ ወረደ። ስለዚህ ወጪው በወጣበት ገንዘብ ይመዝገብ። በብር የምትከፍል ካለች በምትከፍልበት ቀን ምንዛሪ አስልታ ትክፈል።

ሁለተኛው «ተከፍሏል» የሚለው ነገር ነው። «Settle up» የሚለውን ተጭኖ ከፈልኩ ማለት ገንዘብ መላክ አይደለም፤ መጻፍ ብቻ ነው። ማንኛዋም የቡድኑ አባል ልትጽፈው ትችላለች። እኛ ቤት ያንን የምትጽፈው የከፈለችው ሳትሆን የተቀበለችው ናት፣ የኤምፔሳው መልእክት ስልኳ ላይ ከገባ በኋላ። ወጪ የተሰረዘ ወይም የተለወጠ ከመሰላችሁ ደግሞ የእንቅስቃሴ ዝርዝሩን ክፈቱ፤ ማን መቼ እንደነካው ይናገራል፣ የተሰረዘውንም መመለስ ይቻላል።

ነፃው ዓይነት በቀን የሚመዘገበውን ወጪ ብዛት ይገድባል። ስለዚህ እኔ የሽንኩርቱንና የዘይቱን ዝርዝር ደብተር ላይ እይዛለሁ፣ እሑድ እሑድ ድምሩን አንድ መስመር አድርጌ አስገባለሁ፣ የደብተሩንም ገጽ ፎቶ አንሥቼ ለቤቱ የዋትሳፕ ቡድን እልካለሁ። እትዬ ስልኩን ካዩ በኋላ ደብተሩንም ያያሉ። «ሁለቱ ከተስማሙ ነው የማምነው» ይላሉ፤ እስካሁን ተስማምተዋል።