ልጃችሁ ያጠናው ትምህርት ጎተራ የሚገባው ሲተኛ ነው



ሰሞኑን አንድ ትምህርት ቤት ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ባዘጋጀው ምሽት ላይ ስለ እንቅልፍና ጥናት አጭር ንግግር አድርጌ ነበር። የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ክሊኒክ ውስጥም በተደጋጋሚ የምሰማው ጥያቄ ስለሆነ፣ የተናገርኩትን እዚህም ላካፍላችሁ።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያጠናል። ማታ ስጠይቀው ሁሉንም ይመልሳል። ፈተና ላይ ግን ይጠፋበታል። የማስታወስ ችግር ይኖርበት ይሆን?» አብዛኛውን ጊዜ የልጁ የማስታወስ ችሎታ ደህና ነው። የጎደለው ያጠናው ነገር ወደ ቋሚ ቦታው የሚገባበት ሰዓት ነው።

ነገሩን በእህል እንመልከተው። ገበሬ እህሉን አጭዶ፣ ወቅቶ አውድማ ላይ ስለከመረው ብቻ «ገባልኝ» አይልም። ጎተራ እስኪገባ ድረስ ዝናብ ሊመታው፣ ንፋስ ሊበትነው ይችላል። በአንጎላችን ውስጥም እንዲህ ዓይነት ሁለት ቦታ አለ። በቀን የተማርነው አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ሂፖካምፐስ በሚባል፣ በጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ በሚገኝ ትንሽ የአንጎል ክፍል ላይ ነው። ይህ አውድማው ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ትውስታ ደግሞ ቀስ በቀስ በሰፊው የላይኛው የአንጎል ክፍል ላይ ይሰፍራል። ይህ ጎተራው ነው። ከአውድማ ወደ ጎተራ የማጓጓዙ ሥራ በብዛት የሚከናወነው ስንተኛ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ይጠቀሳል። ተመራማሪዎች አይጦች በቀን ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀሱ በሂፖካምፐሳቸው ውስጥ የትኞቹ ህዋሳት አብረው እንደሚሠሩ መዘገቡ። ከዚያ አይጦቹ ሲተኙ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። በቀን አብረው ሲሠሩ የነበሩት ህዋሳት በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜም አብረው መሥራታቸውን ቀጥለው ነበር። አንጎል የቀኑን ውሎ ተኝቶ ይደግመዋል ማለት ነው። ልጃችሁ ተኝቶ ጸጥ ሲል፣ አንጎሉ የቀን ትምህርቱን እየከለሰ ነው።

እንቅልፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ህልም የሚበዛበት እንቅልፍ ደግሞ ወደ ንጋቱ ላይ ይረዝማል። ትውስታን በማጽናት ረገድ ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ከ4 ሰዓት እንቅልፍ በኋላ የሚቀሰቀስ ልጅ ያጣው እረፍት ብቻ አይደለም። ሥራው ከመሃል ተቋርጦበታል።

ሌላም ጉዳት አለ። አውድማው ካልተነሳ የነገው ምርት የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ያጠናውን ከመርሳቱ ሌላ፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚነገረውን አዲስ ትምህርትም በደንብ አይቀበልም።

ወደ ተግባሩ እንሂድ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ሐሙስ ጠዋት የሳይንስ ፈተና አለባት እንበል። ለማጥናት 6 ሰዓት ያስፈልጋታል። አንዱ መንገድ ረቡዕ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምራ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ማጥናትና ንጋት 12 ሰዓት መነሳት ነው። ሌላው መንገድ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ በየቀኑ 2 ሰዓት ማጥናትና ከምሽቱ 3፡30 መተኛት ነው። የጥናቱ ሰዓት በሁለቱም መንገድ እኩል ነው። በመጀመሪያው መንገድ ግን ትምህርቱ ያገኘው አንድ የተቆረጠ ሌሊት ብቻ ነው። በሁለተኛው የሰኞው ትምህርት ሦስት ሙሉ ሌሊት፣ የማክሰኞው ሁለት፣ የረቡዑ አንድ ያገኛል።

ሁለተኛውን መንገድ ለመከተል ስሌቱ ቀላል ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉት ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ልጅቷ 12 ሰዓት ላይ የምትነሳ ከሆነ ስምንት ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ከምሽቱ 3፡30 ይመጣል። ከ12 እስከ 1፡15 ታጥና፣ እራት ትብላ፣ ከ2፡15 እስከ 3 ሰዓት ደግሞ ደብተሩን ዘግታ ያጠናችውን በቃሏ ለራሷ ወይም ለእናንተ ትናገር። ከዚያ ስልኩ ከመኝታ ክፍሉ ይውጣ። ቡናና ጥቁር ሻይ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ ካፌይን ከገባ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ይቆያል።

በምሽቱ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «እኛ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳን በኩራዝ አጥንተን አይደል ለዚህ የደረስነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ማታ ስንት ሰዓት ነበር የምትተኙት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው «መብራት የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንተኛለን» አሉ። ቤቱ ሳቀ። 8 ሰዓት ሙሉ ተኝተው ነበር የሚነሱት ማለት ነው። በሌሊት ተነስቶ ማጥናት በራሱ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ 5 ሰዓት ላይ የተኛውን ልጅ 10 ሰዓት ላይ መቀስቀስ ነው።

እንቅልፍ የማይሠራውንም ልንገራችሁ። ያልተጠና ነገር ተኝቶ አይገኝም፤ አውድማው ላይ ያልዋለ እህል ጎተራ አይገባምና። ልጅ ተኝቶ እያለ በስልክ ትምህርት ማስደመጥም እንቅልፉን ይረብሽበት ይሆናል እንጂ ምዕራፉን አያስተምረውም። ቅዳሜና እሁድ አርፍዶ መተኛትም ድካሙን ትንሽ ያቀልለታል እንጂ፣ በሳምንቱ ውስጥ የጎደለውን ሁሉ አይመልስም።

ልጃችሁ እንቅልፍ እንደሚያንሰው በምን ታውቃላችሁ? ጠዋት ሦስት አራት ጊዜ ካልተጠራ የማይነሳ፣ በእረፍት ቀን ከሌላው ቀን ከ2 ሰዓት በላይ አስረዝሞ የሚተኛ፣ ወይም ትምህርት ቤት ሰርቪስ ውስጥ እንደተቀመጠ የሚያንቀላፋ ከሆነ አንሶታል። ትንንሾቹ ላይ ግን ምልክቱ ሊገለበጥ ይችላል፤ እንቅልፍ ያነሰው ልጅ ከመፍዘዝ ይልቅ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል።

በቂ ሰዓት እየተኛም እነዚህ ምልክቶች ከታዩበት ሌሊት አጠገቡ ሆናችሁ አዳምጡት። አብዛኛውን ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት የሚመለስ ከሆነ ወደ ሐኪም አምጡት። በልጆች ላይ የቶንሲል ወይም ከአፍንጫ ኋላ ያለው እጢ ማበጥ እንቅልፍን በየደቂቃው ሊቆራርጥ ይችላል፤ ሕክምናም አለው።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ልጃችሁ የሚነሳበትን ሰዓት ይዛችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩና የመኝታ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፉት። የጥናት ፕሮግራሙን ከዚያ በኋላ አውጡ።

ፈተና የደረሰበት ልጅ ላለው ወላጅ ያጋሩልኝ። ሰላም እደሩ።