ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? የፈተና ሰሞን ማስታወሻ

ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017

የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ረቂቅ ዛሬ እጄ ገባ። ያወጣችው ዘንድሮ የተቀጠረችው ወጣት መምህርት ናት። የሙቀትን ምዕራፍ የሚመለከተው ክፍል አሥር የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄዎች አሉት። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ከመባዛቱ በፊት ማየት አለብኝ። ጥያቄዎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ እመልሳቸዋለሁ።

አንደኛው «ቴርሞሜትር የሙቀት መጠን መለኪያ መሣሪያ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ከመጽሐፉ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ያገኘዋል፤ ስለዚህ ስለ ማንም ምንም አይነግረንም።

ሦስተኛው «ሁሉም ነገር ሲሞቅ ሁልጊዜ መጠኑ ይጨምራል» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት፤ ውሃ ከ0 ወደ 4 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ይቀንሳልና። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ያበላሹት «ሁሉም» እና «ሁልጊዜ» ናቸው። ልጆቹ እነዚህን ሁለት ቃላት ሲያዩ ሐሰት ማለትን ከታች ክፍል ጀምሮ ለምደውታል። «አንዳንድ ጊዜ» ወይም «አብዛኛውን ጊዜ» ካለ ደግሞ እውነት ይላሉ። ስለ ውሃ ጠባይ ሳያስቡ ነጥቧን ይወስዳሉ።

ሰባተኛው «በፋራናይት መለኪያ ንጹሕ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ 0 አይደለም» ይላል። ነጥቡ 32 ስለሆነ መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን 32 መሆኑን በደንብ የሚያውቅ ልጅ «አይደለም»ን በጥድፊያ ቢዘላት ይሳሳታል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚፈተን ልጅ ላይ ይህ የባሰ ነው። የሚቀጣው በንባቡ እንጂ በፊዚክሱ አይሆንም።

ከሁሉ ያቆየኝ አራተኛው ነው፦ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል።» የመልስ ወረቀቷ እውነት ይላል። እኛ ግን ያለነው አዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት እዚህ አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ጥያቄ አንድ ነጥብ የሚያጣው ማን ነው? የከፍታንና የግፊትን ግንኙነት የተረዳው ልጅ ነው። ያልተረዳው 100ን አስታውሶ ያልፋል። አንድ ጥያቄ ከዚህ የከፋ ጥፋት ሊሠራ አይችልም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

መምህርቷን በሻይ ሰዓት አገኘኋት። የምላትን በጥሞና ሰማች፤ ግን የራሷም ጥያቄ ነበራት። «ጋሼ፣ አንዱን ጥያቄ በግምት ቢያገኘው እኮ አሥር ጥያቄ ላይ ይካካሳል» አለችኝ። ወረቀት አውጥተን አብረን አሰላነው።

ምንም ሳያነብ ሳንቲም እየወረወረ የሚመልስ ልጅ ከአሥሩ አምስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 62 ነው። ሰባትና ከዚያ በላይ የማግኘቱ ደግሞ ከመቶ 17። ስድሳ ልጆች ያሉበት ሴክሽን ሁሉም በግምት ቢሠራ፣ አሥር የሚያህሉት ሰባትና ከዚያ በላይ ያመጣሉ ማለት ነው። ጥያቄዎቹን ሃያ ብናደርጋቸው ሰባ በመቶ በግምት የማምጣቱ ዕድል ከመቶ ወደ ስድስት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መካካሱ የሚመጣው ጥያቄው ሲበዛ ነው፤ በአሥር ጥያቄ ገና ነው።

«ታዲያ እናውጣቸው?» አለች። አይደለም አልኳት። ሮበርት ኢበል የተባለው አሜሪካዊ የምዘና ምሁር በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ የሚሰነዘረውን ወቀሳ ተቃውሞ ተከራክሯል። የሰው ዕውቀት ብዙውን ጊዜ በዓረፍተ ነገር የሚገለጽ ስለሆነ፣ የአንድን ዓረፍተ ነገር ትክክለኛነት መመዘን መቻል ራሱ የዕውቀት ምልክት ነው ባይ ነበር። በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ልጁ የሚመዝነው ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት ያላየው መሆን አለበት። ያየውን ከሰጠነው የሚሠራው ትውስታው ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አራተኛዋን ጥያቄ ምዕራፉን ቀድሞ በጨረሰው ሴክሽን ውስጥ ነጥብ የማይያዝባት አድርጌ ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት። ልጆቹ በብጣሽ ወረቀት መለሱ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የት ነው የምናፈላው?»

ዝም ብለሽ መልሺ አልኳት፤ የፈተና አዳራሽ ውስጥ የሚገጥማት መልስ ይኸው ስለሆነ። ሐሰት ብላ ጻፈች። በረቂቁ የመልስ ወረቀት ቢታረም ኖሮ ዜሮ ነበረች።

ብጣሾቹን ሰብስቤ በሚድ ውጤት የበላይ የሆኑትን አሥራ አምስት ልጆችና የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ለየሁ። ጤናማ ጥያቄ ከሆነ የላይኞቹ ከታችኞቹ በልጠው መገኘት ነበረባቸው። እዚህ ግን ከታች ያሉት ሁሉም ማለት ይቻላል እውነት ብለው እንደ ወረቀቱ «አግኝተዋል»፤ ከላይ ካሉት ብዙዎቹ ደግሞ ሐሰት ብለው «ስተዋል»። ጥያቄው ተገልብጦ እየለካ ነው። ይህን ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሁለት ክምር ወረቀትና አሥር ደቂቃ ይበቃል። ማንኛውም መምህር የተፈተነ ጥያቄን ለሚቀጥለው ዓመት ከማስቀመጡ በፊት ይህን ቢያደርግ እወዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ከመምህርቷ ጋር ተቀምጠን አራተኛዋን እንደገና ጻፍናት። መነሻ ሐሳቡን አልጣልነውም። ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ይልቅ በመጀመሪያ አንድ ሁኔታ እንዲሰጥ፣ ከዚያ ስለ ሁኔታው በርከት ያሉ ዓረፍተ ነገሮች እንዲመዘኑ አደረግን። ሁኔታው ይህ ነው፦

«አንዲት እናት አዲስ አበባ፣ እህቷ ደግሞ ሰመራ ባቄላ ይቀቅላሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ሰመራ 430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ድስቶቹ አንድ ዓይነትና ክፍት ናቸው። የውሃው ልክ እኩል ነው፤ የሁለቱም መነሻ ሙቀት 25 ዲግሪ ነው፤ እሳቱም እኩል ነው።»

ከሥሩ የሚመዘኑት አራቱ፦

ሀ. ሲፈላ የሰመራው ውሃ ከአዲስ አበባው ይልቅ ይሞቃል።
ለ. አዲስ አበባ ያለችው እናት ውሃው ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምር የውሃው ሙቀት ይጨምራል።
ሐ. የአዲስ አበባው ውሃ ቀድሞ ስለሚፈላ ባቄላው ቀድሞ ይበስላል።
መ. አዲስ አበባ ያለችው እናት ክፍቱን ድስት ትታ ፕሬሸር ኩከር ብትጠቀም ውሃው ከ92 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ሀ እውነት ነው። በየ300 ሜትሩ መውጣት የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ሰመራ ላይ 98 ተኩል ገደማ ይሆናል። ልጁ ቁጥሩን ማስላት አያስፈልገውም፤ አቅጣጫውን ካወቀ ይበቃዋል። ለ ሐሰት ነው፤ የሚጨመረው ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጣል እንጂ የፈላውን ውሃ አያሞቅም። ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ ባቄላው ግን አይፈጥንም።

እኔ የምወዳት ሐን ነው። የመጀመሪያ ግማሿ እውነት ነው፤ ከ25 ዲግሪ ተነስቶ 92 መድረስ 98 ከመድረስ ይቀድማል። መደምደሚያዋ ግን ሐሰት ነው፤ ባቄላን የሚያበስለው የውሃው ሙቀት እንጂ አረፋው አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ባቄላ እንደሚቆይ ልጆቹ ከቤታቸው ሊያውቁት ይችላሉ። እዚህ የሚጠየቁት ያንን ከግፊትና ከመፍያ ነጥብ ጋር እንዲያያይዙ ነው። የመነሻ ሙቀቱን በግልጽ ያስገባነውም ለሐ ስንል ነው። ያለዚያ የሰመራ ውሃ ከመነሻው ሞቃት ነው ብሎ የሚያስብ ጎበዝ ልጅ «ቀድሞ ስለሚፈላ» የሚለውን በትክክለኛ ምክንያት ይጠራጠራል፤ ጥያቄውም እንደገና አሻሚ ይሆናል።

መ ላይ «ሊሞቅ ይችላል» የሚለው ለእውነት ፍንጭ እንደሚሰጥ አይቼ «ይሞቃል» አልኩት። መምህርቷም ወዲያው ከአራቱ እውነት የሆኑት ሁለት መሆናቸውን ቆጠረች። ሆን ብለን ነው። የማያውቅ ልጅ ሲገምት ወደ እውነት ያዘነብላልና ሐሰት የሆኑት ዓረፍተ ነገሮች ማነስ የለባቸውም፤ ዐዋቂውን ከገማቹ አብልጠው የሚለዩትም እነሱ ናቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

በዚያው ሴክሽን ሞከርናት። ልጆቹ ከእውነት ወይም ሐሰት ቀጥለው ምክንያታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ጠየቅን። ለ ላይ ሐሰት ያለ አንድ ልጅ «ከሰሉ ስለሚያልቅ» ብሎ ጽፏል። ሌላው «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነ» አለ። ሁለቱም በፊደሉ ትክክል ናቸው፤ የፊዚክሱ ነገር ግን የለም። ምክንያት ባንጠይቃቸው ኖሮ ሙሉ ነጥብ ይዘው ይሄዱ ነበር።

ሐሰት ያሉትን እንዲያስተካክሉም ጠይቀን ነበር፤ «ሐሰት ከሆነ አስተካክል» ማለት ግን ብቻውን እንደማይበቃ ታየ። ብዙዎች ለን «የውሃው ሙቀት አይጨምርም» ብለው አስተካከሉት። ዓረፍተ ነገሩን አፈረሱት እንጂ ምን እንደሚሆን አልነገሩንም።

ችግሩ እርማቱ ነው። ስድሳ ልጅ በአራት ምክንያት 240 ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይህም በአንድ ሴክሽን። መምህርቷ አራት ሴክሽን ታስተምራለች። ስለዚህ በሁለት ደረጃ የሚመለስ ጥያቄ ለመሥራት ተስማማን። ዴቪድ ትሪገስት በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንስ ትምህርት ያቀረበው ዘዴ ነው። ልጁ መጀመሪያ ይፈርዳል፣ ቀጥሎ ከቀረቡለት ምክንያቶች አንዱን ይመርጣል። ነጥብ የሚያገኘው ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ብቻ ነው። አራት ምክንያት ካለ በግምት የማግኘት ዕድሉ ከሁለት አንድ መሆኑ ቀርቶ ከስምንት አንድ ይሆናል።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ለ በመጨረሻ ይህን መሰለች። ፍርዱ እውነት ወይስ ሐሰት፤ ምክንያቶቹ፦ 1. የተጨመረው ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። 2. አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ሙቀቱ ወደ አየር ይጠፋል። 3. እሳት በበረታ ቁጥር ውሃ ይበልጥ ይሞቃል። 4. ውሃው ሲንተከተክ ሙቀቱ ከፍ ማለቱን ያሳያል።

የተሳሳቱትን ምክንያቶች እኛ አልፈጠርናቸውም፤ ከልጆቹ ወረቀት የወሰድናቸው ናቸው። ሁለቱ ሐሰትን፣ ሁለቱ እውነትን የሚደግፉ እንዲሆኑ አድርገናል። ሦስቱ ወደ ሐሰት ቢያዘነብሉ ኖሮ ልጁ ምክንያቶቹን ቆጥሮ ፍርዱን ያገኘው ነበር። «ከሰሉ ስለሚያልቅ» የሚለውን ተውነው፤ ማንም የማይመርጠው ምክንያት ቦታ ይይዛል እንጂ አይሠራም።

ከአሥሩ ጥያቄዎች የቴርሞሜትሩን ሰረዝን፤ ምትክ አላስፈለገውም። የፋራናይቱ «አይደለም» ወጥቶለት ወደ ባዶ ቦታ ሙላ ሄደ። ሦስተኛው ግን ገና ነው። በጠባብ ቱቦ ውስጥ ያለ የ1 ዲግሪ ውሃ ወደ 3 ዲግሪ ሲሞቅ ከፍታው ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ሥዕል መምህርቷ እየሳለች ነው። ቱቦው ራሱ መስተዋት ስለሆነ እሱም ይለጠጣል ወይ የሚል ልጅ እንደሚመጣ ነግሬያታለሁ፤ ለዚያ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ሁኔታው ውስጥ እስከ ሰኞ መጨመር አለባት።