ይሰማል፣ ግን አይዘፍንም

ርኆቮት፣ ቂርያት ሞሼ፣ እናታችን ቤት ራውተሩ ተቀየረ። ከዚያ በኋላ «ፕሌይ ጥላሁን ገሠሠ» ስትለው ድምፅ ማጉያው መብራቱን ያበራል፤ ዘፈን ግን የለም። አበላሸሁት ብላ ፈርታ ሦስት ቀን ሳትነግረን ቆየች። ሰንበት ሊገባ ሲል ብንጠይቃት «አኩርፎኝ ነው መሰለኝ» አለች።

እማዬ ምንም አላጠፋችም። ዕቃው ስሙ ሲጠራ በራሱ ያውቃል፤ መብራቱም ለዚያ ይበራል። ዘፈኑን የሚያመጣው ግን በኢንተርኔት ነው። እሱ የሚያውቀው የድሮውን ዋይፋይ ስምና ሲስማ ብቻ ስለሆነ፣ የሌለውን ሲፈልግ ሰነበተ።

በአዲሱ ራውተር ማስተካከያ ገብተን የዋይፋዩን ስምና ሲስማ ልክ እንደ ድሮው አደረግን፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አይያዝም። ማጉያውን ነቅለን መልሰን ሰካነው። ጥቂት ቆይቶ ጥላሁን ዘፈነ፤ ቴሌቪዥኑም ሳንነካው ተገናኘ።

የድሮው ስምና ሲስማ ቢጠፋብን ኖሮ፣ ማጉያውን በስልክ አፕሊኬሽን እንደ አዲስ ማገናኘት ነበረብን። ወላጆቻችን፣ ቴክናይ የድሮውን ራውተር ሳይወስድ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሱ። ሲስማው ተቀይሮ ከነበረም ጻፉት። ዝም ካለባችሁ ደግሞ ቶሎ ንገሩን፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።