አማካዩ የማን ነው?

ሰኔ የመምህር የሒሳብ መዝጊያ ወር ነው። ማርክ ሊስቱ ይደመራል፣ ሮስተሩ ይሠራል፣ ከዚያ ደግሞ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ይመጣል። ቅጹን መጀመሪያ የሚሞላው መምህሩ ራሱ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። የዲፓርትመንት ተጠሪ ሆኜ የባልደረቦቼን ግለ ግምገማ ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው ዓረፍተ ነገር «የተማሪዎቼን ውጤት ለማሻሻል ከፍተኛ ጥረት አድርጌያለሁ» የሚለው ነው። ጥረቱ እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ አጠገባቸው ነው የምውለው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ጥረቱን አያሳይም። ምንም ያልሠራ መምህርም ያንኑ ቃል በቃል ሊጽፈው ይችላልና።

«ማስረጃ አያይዙ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያያይዘው የክፍል አማካይ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ልፋት ሳይታይ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት እናስብ። ክፍሏ በአንደኛው ሴሚስተር 52 ተማሪዎች ነበሩት፣ አማካዩም 51። በሁለተኛው ሴሚስተር አማካዩ 58 ሆነ። «ውጤትን በ7 ነጥብ አሻሽያለሁ» ብላ ብትጽፍ ማን ይቃወማታል?

ማርክ ሊስቱ ራሱ ይቃወማታል። በሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ላይ የተቀመጡት 46 ናቸው። ስድስት ስሞች ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አቋ.» ተጽፏል፤ የአንደኛው ሴሚስተር ማርካቸው ሲታይ አማካዩ 22 ብቻ ነው። እነሱ ከድምሩ ሲወጡ፣ የቀሩት 46 ተማሪዎች የአንደኛ ሴሚስተር አማካይ 51 ሳይሆን ወደ 55 ይጠጋል። ስለዚህ እውነተኛው ጭማሪ 7 ሳይሆን 3 ነው። የተቀረው 4 ነጥብ የመጣው ደካሞቹ ልጆች ትምህርት ስላቋረጡ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በቅጹ ላይ እንደ ስኬት ተመዝግቦ ማየት ያመኛል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መቅረታቸው ሳያንስ፣ መቅረታቸው ለእኛ ነጥብ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ሁለቱንም ሴሚስተር የተፈተኑትን ብቻ ለይቶ ማነጻጸር ነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ካልኩሌተር ይበቃዋል።

ከዚያ ደግሞ የ3 ነጥቡ ጭማሪ የማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ቀሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ያንኑ የዲፓርትመንት የጋራ ፈተና የተፈተነውን፣ ሌላ መምህር የሚያስተምረውን ጎረቤት ክፍል ማየት ነው። በምሳሌያችን ያ ክፍልም በ3 ነጥብ ጨምሯል እንበል። እንግዲህ መምህርቷ በአማካዩ የምትኮራበት ነገር አልቀረም ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ወደ «ከፍተኛ ጥረት» ይመለሳል።

እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ሁሉም እንዲያየው የምፈልገው። መምህርቷ ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ከ50 በታች ባመጡት ላይ ነበር፤ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት የሰጠችው ለእነሱ ነው። ታዲያ ማስረጃውን መፈለግ ያለባት እነሱ ዘንድ ነው። ከ46ቱ መካከል በአንደኛው ሴሚስተር 18ቱ ከ50 በታች ነበሩ፤ ከነዚህ 11ዱ በሁለተኛው 50ን አልፈዋል። በጎረቤት ክፍል ከ17 ተመሳሳይ ተማሪዎች ያለፉት 4 ናቸው። ልፋቷ ያለው እዚህ ነው፤ አማካዩ ደብቆት ነበር። የጎረቤቱ ክፍል ንጽጽር የሚያስፈልገውም በጣም ዝቅ ብሎ የጀመረ ተማሪ ያለ ምንም ድጋፍም በመጠኑ ከፍ ሊል ስለሚችል ነው። ያው ሠንጠረዥ ጎበዞቹ ተማሪዎቿ ባሉበት መቆማቸውንም ያሳያል። እሱም ይጻፍ። ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መነሻ የሚሆነው እሱ ነው፣ ሪፖርቱንም የሚያስከብረው እንዲህ ያለ መስመር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። የገዛ ማርካችን ብቻውን የማያሳምንበት ጊዜ ላይ ነን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ እነዚያው ልጆች ግን በየትምህርት ቤታቸው ሮስተር ከክፍል ክፍል ሲያልፉ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ገምጋሚ ማርክ ሊስት ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ማለፊያው አካባቢ ነው። 48 እና 49 ያመጣ አንድም ልጅ ሳይኖር ልክ 50 ያመጡ ሰባት ልጆች ካሉ፣ ማርኩ እንደተገፋ ይገባዋል። «11 ልጆች 50ን አልፈዋል» የሚል መምህር የፈተና ወረቀቱን ከባልደረባው ጋር ተለዋውጦ ቢያርም፣ ጥቂቱንም ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር ቢያያይዝ ማንም አይጠረጥረውም።

አቴንዳንስም የራሱ ጣጣ አለው። በየትምህርት ቤታችን ስም የሚጠራው በአብዛኛው የክፍል ኃላፊው ነው፣ ያውም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። የሪከርድ ክፍሉ ቁጥር ከዚያ ነው የሚመጣው። ሐሙስ ገበያ በሚቆምበት ከተማ ግን ጠዋት «አለሁ» ያለ ልጅ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እናቱን ሊረዳ ሄዷል። «የክፍሌ መገኘት 93 በመቶ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ አይመለከትም። መምህርቷ በራሷ ደብተር በክፍለ ጊዜዋ ስም ብትይዝ ሐሙስ ከሰዓት ከክፍሉ ሩብ ያህሉ እንደሚጎድል ታያለች፤ ንጥጥርና ወደርን የጀመረችው ደግሞ ሐሙስ ነው። የጋራ ፈተናውን ጥያቄ በጥያቄ ስታይ ብዙ ልጅ የሳተው እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ርዕስ ሰኞና ማክሰኞ ብቻ እየጀመረች ሐሙስን ለመልመጃ ብታደርገው፣ በቀጣዩ ርዕስ፣ በመቶኛ ላይ፣ ልጆቹ ያመጡት ውጤት ከዚህ ውሳኔ ጎን ሊጻፍ የሚችል ማስረጃ ነው። አንድ ርዕስ ከሌላው ሊቀል ስለሚችል «ምናልባት» የምትል ቃል ብትጨመርበት አይጎዳም።

ያቋረጡት ስድስቱስ? በቅጹ ላይ ለእነሱ የሚሆን ሣጥን የለም። እኔ ግን «አስተያየት» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ እንዲገቡ እፈልጋለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ መቅረት እንደጀመሩ፣ ለክፍል ኃላፊው መቼ እንደተነገረ፣ ወላጅ ተጠርቶ መጥቶ እንደሆነ። ከስድስቱ አራቱ ኅዳር ላይ በአጨዳ ወቅት መቅረት ጀምረው በኋላ ካቋረጡ፣ ያ ለርዕሰ መምህሩም ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱም ከየትኛውም አማካይ በላይ የሚጠቅም መረጃ ነው፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ቀድሞ ቤት ለቤት መሄድ ያስችላል። ትምህርት ማቋረጥ የመምህሩ ጥፋት ሆኖ ነጥብ የሚቀነስበት ከሆነ ግን ማንም አይጽፈውም። ርዕሳነ መምህራን ይህን አስቡልን።

እንግዲህ የመምህርቷ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይሆናል፦ «ሁለቱንም ሴሚስተር ከተፈተኑ 46 ተማሪዎች፣ በአንደኛው ከ50 በታች የነበሩ 18 ሲሆኑ 11ዱ አልፈዋል፤ ያንኑ የጋራ ፈተና በወሰደው ጎረቤት ክፍል ከ17ቱ 4 አልፈዋል። ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ተማሪዎቼ አልጨመሩም። ስድስት ተማሪዎች አቋርጠዋል፤ ዝርዝሩ ተያይዟል።» አራት መስመር ናት። ነጥብ ሲቀነስባት ይዛ የምትከራከርበት ወረቀት አላት።

ማርክ ሊስቱ ለሪከርድ ክፍል ከመግባቱ በፊት ኮፒ አድርጉት፤ ከገባ በኋላ ክረምት ላይ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው። የአንደኛው ሴሚስተር ማርክ እጃችሁ ላይ ከሌለ ዛሬውኑ ጠይቁ።