ሥልሳ ብርጭቆና አንድ ከተማ

በደሴ «ቧንቧ ውሃ» የሚባል ሰፈር አለ። የከተማው ቧንቧ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ፣ የዚህ ሰፈር ቧንቧ ንጹሕነት ሳይቀመስ የተረጋገጠ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ሁሉ» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ነው።

የሚመጣው ከናሙና ነው። በዕጣ ከተመረጡ 60 ቧንቧዎች የተቀዳው ውሃ ተመርምሮ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ አልተገኘበትም እንበል። ከመቶው 5ቱ የተበከሉ ቢሆኑ ኖሮ፣ ሥልሳዎቹ ሁሉ ንጹሕ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከሃያ አንድ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ብክለቱ ከዚያ ያነሰ ነው ብለን እንገምታለን፤ የለም ግን አንልም።

ዕጣው የይስሙላ ከሆነስ? ውሃ ሲቋረጥ ግፊቱ ይወድቃል፤ በተሰነጠቀ ቱቦ ቆሻሻ ይገባል። ክሎሪኑም ከማጠራቀሚያው በራቀ ቁጥር ይደክማል። ቀጂው መኪና በሚደርስበት አስፋልት ዳር፣ ውሃ ባልተቋረጠበት ቀን ብቻ ከቀዳ፣ ናሙናው 600 ቢሆንም ያው ስሕተት በዐሥር እጥፍ መደጋገሙ ነው። የቶሳን ዳገት ያልወጣ ናሙና ስለ ዳገቱ አይመሰክርም፤ ቁልቁል ስላለችው ኮምቦልቻማ ጭራሽ።

ከዳገቱ አንድ ብርጭቆ ተበክሎ ቢገኝ ግን «ሁሉ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ያለ ጥርጥር ይወድቃል፤ መቅጃው ራሱ ንጹሕ ከነበረ።